የመስመር «ሜጋ» እና የፋይል «ሜጋ»፦ የማውረጃ ጊዜን ስለማስላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«10 ሜጋ ነው ያስገባሁት። ፋይል ሳወርድ ግን ከ1.2 ሜጋ አያልፍም።»

ኮምፒውተር በመጠገን በቆየሁባቸው ዓመታት ከዚህ በላይ ደጋግሜ የሰማሁት ቅሬታ የለም። ሰዎች ተናደው ይመጣሉ። ገንዘብ ከፍለውበታልና ቢናደዱም አይፈረድባቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ግን መስመራቸው ጤነኛ ነው፤ የተሸጠላቸውንም እየሰጠ ነው። ስህተቱ ያለው «ሜጋ» በምትለው ቃል አጠቃቀማችን ላይ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ደንበኞችና ጎረቤቶች የጠየቁኝ ናቸው።

«10 ሜጋ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እንደ ቦታው ይለያያል። እኛ ሀገር «ሜጋ» ሦስት ነገር ይጠራበታል። ቤት የሚገባውን መስመር «10 ሜጋ» ስንል ፍጥነቱን ነው፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት። ስልክ ላይ «100 ሜጋ ገዛሁ» ስንል ደግሞ መጠን ነው፤ 100 ሜጋባይት ዳታ። ፋይል ሲወርድ ስክሪኑ ላይ 1.2 አይተን «በ1.2 ሜጋ እየወረደ ነው» ስንል እንደገና ፍጥነት ነው። ግን መለኪያው ተቀይሯል፤ በሰከንድ 1.2 ሜጋባይት ማለት ነው።

«ሜጋ» ብቻውን ሚሊዮን ማለት ነው። የምን ሚሊዮን? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። «አሥር ሺህ አለኝ» ብሎ ብሩ ይሁን ሳንቲሙ ሳይናገር እንደቀረ ሰው ነው። ስለዚህ ከ«ሜጋ» በኋላ ሁልጊዜ «ቢት» ወይም «ባይት» የሚለውን ብትጨምሩ ግራ መጋባቱ በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

ቢትና ባይት በምን ይለያያሉ?

ቢት ትንሿ ናት። ዜሮ ወይም አንድ፣ ሌላ ነገር መያዝ አትችልም። ስምንት ቢቶች ሲሰበሰቡ አንድ ባይት ይሆናሉ።

የራሳችንን ፊደል እንውሰድ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በስፋት በሚሠራበት UTF-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፤ 9 ባይት። መስመሩ ላይ ስትሄድ ግን 72 ቢት ሆና ነው። ቃሏ ያው አንድ ናት፤ የተቆጠረችበት መንገድ ነው የተለያየው።

ባይት ሁልጊዜ ስምንት ቢት አልነበረም። በድሮ ማሽኖች ስድስት የሚሆንበትም ጊዜ ነበር። ስምንት ሆኖ የረጋው በተለይ አይቢኤም በ1964 ሲስተም/360 የተባሉትን ኮምፒውተሮች ካወጣ በኋላ ነው። ዛሬ ስምንት መሆኑን ሳትጠራጠሩ አስሉ።

ታዲያ እንዴት ልቀይር?

የመስመሩን ፍጥነት ለ8 ማካፈል ነው። ከዚያ የፋይሉን መጠን ለተገኘው ቁጥር ማካፈል። ከታች `Mbps` በሰከንድ ሜጋቢት፣ `MB/s` በሰከንድ ሜጋባይት ነው።

```
MB/s = Mbps ÷ 8
ሰከንድ = የፋይል መጠን (MB) ÷ MB/s
```

በ10 ሜጋቢት መስመር 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይሆናል። ያ መግቢያው ላይ ያለው ሰው 1.2 ማየቱ ለዚህ ነው። አልተታለለም።

ስክሪኑ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

b ፊደሏን እዩ። ትንሿ b ቢት ናት፤ ትልቋ B ባይት። `Mbps` ቢት ነው፤ `MB/s` ባይት ነው። የመስመር ፍጥነት የሚለኩት Speedtest እና fast.com ውጤቱን የሚያሳዩት በ`Mbps` ነው። ክሮምና ሌሎች ብሮውዘሮች ፋይል ሲያወርዱ የሚያሳዩት በ`MB/s` ወይም በ`KB/s` ነው።

ዊንዶውስ ያለው ሰው ይህን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል። እኔ ለተናደደ ደንበኛ ከማስረዳት ይልቅ ይህን ማሳየት እመርጣለሁ። አንድ ትልቅ ፋይል ማውረድ ጀምሩ። ከዚያ `Ctrl+Shift+Esc` ተጫኑ፤ Task Manager ይከፈታል። Performance የሚለው ውስጥ ገብታችሁ Wi-Fi ወይም Ethernet የሚለውን ምረጡ። እዚያ ፍጥነቱን በ`Mbps` ያሳያችኋል። ብሮውዘሩ 1.1 ሲል Task Manager 9 እና 10 አካባቢ ይላል። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ስለ አንድ ፋይል ነው ሁለቱም የሚናገሩት። ይህን ያየ ሰው ሁለተኛ ጊዜ አይጠይቅም።

ድርጅቶቹ ለምን በባይት አይሸጡም? ቁጥሩ ትልቅ እንዲመስል ነው?

ትልቅ ቁጥር ለማስታወቂያ እንደሚመች አልክድም። ልማዱ ግን ከማስታወቂያው ይቀድማል። የቴሌኮም መሐንዲሶች ሽቦ ላይ የሚያልፈውን ምልክት አንድ በአንድ ነው የሚቆጥሩት፤ ያ ደግሞ ቢት ነው። የድሮ ዳያል አፕ ሞደሞች 56 ኪሎቢት ይባሉ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ፋይል ግን ዲስክ ላይ የሚቀመጠው በባይት ስለሆነ የኮምፒውተር ሰዎች በባይት ቆጠሩ። ሁለቱ ሙያዎች እናንተ ስክሪን ላይ ተገናኙ፤ ማካፈሉ ለእናንተ ቀረ።

በእኔ እምነት አቅራቢዎች ከ«10 ሜጋ» ጎን «በሰከንድ እስከ 1.25 ሜጋባይት» ብለው ቢጽፉ የስንቱን ሰው ንዴት ባስቀሩ ነበር።

እስቲ አንድ ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስሉልኝ።

አንዲት ጎረቤቴ የልጇ ሰርግ ቪዲዮ ሊንክ ከቪዲዮ ባለሙያው ተላከላት። ባለሙያው ዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ላይ አይቶ 4.2 ጊጋ ነው ብሏታል። ቤቷ 10 ሜጋቢት መስመር አለ። ማታ እንግዶች ስላሉባት ቪዲዮው እስከዚያ መድረሱን ማወቅ ፈለገች። አብረን ተቀምጠን አሰላን።

መጀመሪያ ፍጥነቱ፦ 10 ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት።

ቀጥሎ መጠኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር አለ። ዊንዶውስ «ጊጋ» ሲል የሚቆጥረው በ1000 ሳይሆን በ1024 ነው። መስመሩ ግን በ1000 ነው የሚቆጠረው። በጊጋ ደረጃ ልዩነቱ 7 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የዊንዶውስ 4.2 ጊጋ በመስመሩ አቆጣጠር 4,510 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ማክ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ይህ አያስፈልግም ነበር፤ አፕል ከ2009 ጀምሮ የማክ ፋይሎችን በ1000 ነው የሚያሳየው።

አሁን 4,510ን ለ1.25 እናካፍል። 3,608 ሰከንድ፤ ለ60 ሲካፈል 60 ደቂቃ። በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ማለት ነው።

ወረቀትና ቤት ግን አንድ አይደሉም። መስመሩ ጤነኛ ሆኖ፣ ላፕቶፑ በገመድ ተገናኝቶ፣ ሌላ ማንም ሳይጠቀም 1.18 አካባቢ ቢገኝ ጥሩ ነው። በዚህ 64 ደቂቃ ይፈጃል። እሷ በዋይፋይ ነበረች፤ ስለዚህ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ብለን ያዝን። 75 ደቂቃ።

በዚህ መሃል ልጇ ሌላ ክፍል ቪዲዮ ያያል። የእሱ ቪዲዮ 4 ሜጋቢት ቢወስድ ለፋይሉ የሚቀረው 6 ነው። 6 ለ8 ሲካፈል 0.75። 4,510 ለ0.75 ሲካፈል ደግሞ ከ6,000 ሰከንድ በላይ፤ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ። በወረቀቱ አንድ ሰዓት ላይ የአንድ ልጅ ቪዲዮ ብቻ 40 ደቂቃ ጨመረ። «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጀምሪው፣ ለማታው ይደርሳል» አልኳት። ደረሰም።

ሙሉ 1.25 የማይደርሰው ለምንድን ነው?

ፋይሉ ብቻውን ስለማይጓዝ ነው። ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅሎች ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ስንተኛው ነው የሚል መረጃ ይለጠፋል። ልክ ፖስታ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ።

በተለመደው የኔትወርክ ገመድ ላይ ብናየው፣ አንድ ሙሉ ጥቅል ሽቦው ላይ የ1,538 ባይት ቦታ ይይዛል። ከዚያ ውስጥ የእናንተ ፋይል 1,460 ያህሉ ነው። የቀረው አድራሻ፣ መቆጣጠሪያና በጥቅሎች መካከል የሚተው ክፍተት ነው። 95 በመቶ ያህሉ ለእናንተ፣ 5 በመቶው ለማጓጓዣ ይሄዳል። 1.25 ወደ 1.18 የሚወርደው በዚህ ነው።

ዋይፋይ ላይ ብክነቱ ከዚህ በጣም ይበዛል። አየሩ የጋራ ነው። አንዱ መሣሪያ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። የጎረቤት ራውተር በዚያው ቻናል ላይ ካለ የእሱንም ተራ ትጠብቃላችሁ። የተበላሸ ጥቅል ደግሞ እንደገና ይላካል።

ካልኩሌተር ሳላወጣ በቃሌ ማስላት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ለ8 ሳይሆን ለ10 አካፍሉ። 20 ሜጋቢት ከሆነ 2 ሜጋባይት፣ 50 ከሆነ 5። ውጤቱ ከቀመሩ 20 በመቶ ያነሰ ነው። እኔ ይህን የምወደው ለማጓጓዣው፣ ለዋይፋዩና ለ1024ቱ ጣጣ ሁሉ ቦታ ስለሚተው ነው። ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ቢያልቅ ማንም አይከፋም።

ሌላም አለ። 8 ሜጋቢት በሰከንድ 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ በ8 ሜጋቢት መስመር 1 ጊጋባይት 1,000 ሰከንድ ይወስዳል፤ 17 ደቂቃ ገደማ። ይህን አንዷን ቁጥር ከያዛችሁ ሌላው ከእሷ ይወጣል። መስመሩ 16 ሜጋቢት ከሆነ ግማሹን፤ 4 ከሆነ እጥፉን።

ላፕቶፔ ዋይፋዩ 144 Mbps ነው ይላል። የከፈልኩት ግን ለ10 ነው። ትርፍ አገኘሁ?

አይደለም። 144 የሚለው በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ያው 10 ነው። የጊቢያችሁ ቧንቧ ሰፊ ቢሆን ከመንገድ የሚመጣው ውኃ አይጨምርም። ለማውረጃ ስሌት ሁልጊዜ ትንሹን ቁጥር ውሰዱ። 144 የሚጠቅመው እቤት ውስጥ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፋይል ስትገለብጡ ነው።

መለኪያው 10 ይላል። ፋይሉ ግን በ300 KB/s ነው የሚወርደው። ይሄስ?

ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ቢትና ባይት አያብራራውም። 300 ኪሎባይት በ8 ሲባዛ 2,400 ኪሎቢት ነው፤ 2.4 ሜጋቢት። ከ10 ውስጥ ሩቡ እንኳ አይሞላም። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ይዞታል።

መጀመሪያ Task Manager ውስጥ ተመልከቱ። እዚያ 2.4 ሳይሆን 9 እና 10 የሚል ከሆነ ሌላ ፕሮግራም እየበላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ማሻሻያ ሆኖ ይገኛል። እዚያም 2.4 ከሆነ እቤት ያሉትን ስልኮች ከዋይፋይ አስወጡና እንደገና እዩ። ካልተለወጠ ከሌላ ቦታ ሌላ ፋይል ሞክሩ። ያኛው በ1.1 ከወረደ መስመራችሁ ደህና ነው። ችግሩ የመጀመሪያው ፋይል ያለበት ሰርቨር ነው፤ ወይም ወደዚያ የሚወስደው መንገድ።

መለኪያው ይህን የማያሳየው ለምን መሰላችሁ? Speedtest ስትከፍቱ በራሱ የሚመርጠው ቅርብ ያለ ሰርቨር ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አዲስ አበባ ያለውን ሊመርጥ ይችላል። ፋይሉ የሚመጣው ግን ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩን በእጃችሁ ቀይሩ። ፍራንክፈርት ወይም ለንደን ያለ ምረጡና ድገሙት። ማውረጃ ጊዜ ለመገመት የሚረዳችሁ ያኛው ቁጥር ነው።

ርቀት ራሱም ያዘገያል። ላኪው ጥቂት ልኮ «ደረሰ» የሚል ምላሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀጥላል። እንበልና በአንድ ዙር 64 ኪሎባይት ይልካል። ደርሶ መልሱ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ቢፈጅ በሰከንድ አምስት ዙር ብቻ ነው የሚኖረው። 5 ጊዜ 64፣ 320 ኪሎባይት። መስመራችሁ 100 ሜጋቢት ቢሆን እንኳ ይህ አይለወጥም። የዛሬ ሰርቨሮች በአንድ ዙር ከዚህ በጣም የበለጠ ይልካሉ፤ ጥቅሎች መንገድ ላይ ሲጠፉ ግን የሚልኩትን ይቀንሳሉ። IDM የሚባለው ፕሮግራም የሚያፈጥነውም ለዚህ ነው። ፋይሉን ከፋፍሎ በብዙ ግንኙነት ያመጣዋል። ከመስመሩ አቅም በላይ ግን ማንም ፕሮግራም አያወርድም።

«የቀረው ጊዜ» የሚለው 20 ደቂቃ ብሎ ወዲያው 2 ሰዓት የሚለው ለምንድን ነው?

የቅርብ ጊዜውን ፍጥነት ይዞ ስለሚያሰላ ነው። ለአፍታ ከቀዘቀዘ ቀሪውን ሁሉ በዚያ ያሰላዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አትመኑት።

በስልክ ዳታ ላይስ ይሠራል?

ቀመሩ ያው ነው። ልዩነቱ ስልክ ላይ ሁለቱም «ሜጋ» በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ነው። ፓኬጁ በባይት፣ ፍጥነቱ በቢት።

4ጂ ስልካችሁ 40 ሜጋቢት እየሰጠ ነው እንበል። 40 ለ8፣ በሰከንድ 5 ሜጋባይት። 1 ጊጋባይት ፓኬጅ ለ5 ሲካፈል 200 ሰከንድ። በሙሉ ፍጥነት ካወረዳችሁ ፓኬጁ በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያልቃል። «አሁን የገዛሁት ዳታ የት ገባ?» ለሚሉ ወጣቶች የማሳያቸው ይህን ስሌት ነው። ዳታው አልተሰረቀም። ኔትወርኩ ፈጣን ስለሆነ ቶሎ አለቀ።

የፍጥነት መለኪያውም ራሱ ዳታ ይበላል። በ40 ሜጋቢት ለ15 ሰከንድ ቢያወርድ 75 ሜጋባይት ነው፤ ለመጫን የሚሄደው ሳይቆጠር። በፓኬጅ ላይ ደጋግማችሁ አትለኩ።

እህቴ አሜሪካ ናት፤ 300 ሜጋ አላት። ቪዲዮ ስትልክልኝ ግን ለመላክ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። ለምን?

300 የተባለው ለማውረድ ይሆናል። በኬብል ቴሌቪዥን ሽቦ በሚመጡ መስመሮች ላይ የመጫኛው ፍጥነት ከማውረጃው በብዙ ያንሳል። ስትልክ የሚቆጠረው መጫኛው ነው።

የእሷ መጫኛ 10 ሜጋቢት ቢሆን እንደ እናንተ ቤት መስመር 1.25 ሜጋባይት ነው። ያለ ክፍያ በቴሌግራም የሚላከው ትልቁ ፋይል 2 ጊጋ ነው። 2,000 ለ1.25 ሲካፈል 1,600 ሰከንድ፤ 27 ደቂቃ ገደማ። ግማሽ ሰዓት ያላችሁት ልክ ነው።

ይህም የመንገዱ ግማሽ ነው። ፋይሉ መጀመሪያ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ እናንተ ታወርዳላችሁ። የእሷ 27 ደቂቃና የእናንተ 27 ደቂቃ ይደመራሉ፤ ወደ 54 ደቂቃ። እሷ ከመተኛቷ በፊት ብትልከው፣ እናንተ ጠዋት ስትነሱ የሚቀራችሁ የራሳችሁ ድርሻ ብቻ ነው። ፍጥነቷን መለካት ከፈለገች Speedtest ላይ `Upload` የሚለውን ቁጥር ታንብብና ለ8 ታካፍለው።